ዜሮ ነጥብ ስምንት

መጀመሪያ ረጅም ማቃሰት፣ ከዚያ አጭር ዝምታ፣ ከዚያ እንደ ትንፋሽ የሚለቅ ፉጨት። አንድ። ከግድግዳው ወዲያ ማጠፊያ ማሽኑ ላሜራዬን መንከስ ጀምሯል።

መቀመጥ አቃተኝ። ተነሳሁ፣ መስኮቱ ጋ ደረስኩ፣ ተመለስኩ፣ ማውሱን ያለ ምክንያት ነካሁትና እንደገና ተነሳሁ። ወንበሩ ጀርባው የተቀደደና በፕላስተር የተለጠፈ ነው፤ የአባዬ ወንበር። ጠዋት ሲያስቀምጠኝ እንዲህ ብሎኛል፦

«ይቺን ሣጥን አንተ ሣላት። ልክ ከመጣች ወንበሩ ያንተ ነው። ካልመጣች ወደ ሞረድህ ትመለሳለህ፤ ሁለተኛም የስዕል ነገር እንዳታነሳብኝ።»

ትምህርት ከጨረስኩ ጀምሮ ሥራዬ ሞረድ ነው። ሌዘሩ የቆረጠውን ላሜራ ጠርዝ ጠርዙን እሞርዳለሁ። እጄ ይሞርዳል፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። ጣራ ላይ የሚሄድ ደመና ካየሁ እሱን ለመገጣጠም ስንት እጥፋት እንደሚፈልግ እቆጥራለሁ። አባዬ «ፈዛዛው» ይለኛል። ማጠፊያ ማሽኑ ላይ የሚሠራው የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ደግሞ «ሰማዩ» ነው የሚለኝ፤ ከፈዛዛው ይሻላል።

ሣጥኑ የደንበኛችን የኤሌክትሪሻኑ ነው፤ ለአንድ ዳቦ ቤት ምድጃ መቆጣጠሪያ። ሽቦውን ሁሉ አንድ የብረት ሳህን ላይ ገጥሞ ጨርሶታል። ሳህኑ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ሚሊሜትር ነው፤ ከላይ እንደ መሳቢያ ተንሸራቶ ይገባል፣ ከዚያ ክዳኖቹ በቡሎን ይታሰራሉ። እኔ የሣልኩት ሣጥን በውጪ ልኩ ሦስት መቶ ነው። የላሜራው ውፍረት አንድ ተኩል ስለሆነ ከግራና ከቀኝ ሲቀነስ ውስጡ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ይሆናል። ለሳህኑ አንድ ሚሊ መተንፈሻ ተረፈለት ማለት ነው።

ስዕሉ ላይ መጀመሪያ ጀርባውን ጣልኩ። ከሁለቱ ጠርዞቹ መቶ አምሳ መቶ አምሳ ሚሊ ጎኖች አስነሳሁ። ከጎኖቹ ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ የምትታጠፍ ጠባብ ጠርዝ አወጣሁ፤ እኛ ቤት «ከንፈር» እንላታለን። አባዬ ከንፈርን ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሚሊ ነው የሚያደርጋት፤ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። አራት እጥፋት። ከዚያ አንድ ነገር ተጫንኩና ሣጥኑ እንደ ተፈታ ካርቶን ተዘረጋ። ሌዘሩ የሚያውቀው ይህን ዝርግ ብቻ ነው፤ ሣጥን ይሁን ትሪ ጉዳዩ አይደለም።

ጣጣው ዝርጉ ላይ ነው። ላሜራ ሲታጠፍ በውጪ በኩል ይለጠጣል፣ በውስጥ በኩል ይጨመቃል። ስለዚህ የታጠፈው ሣጥን የውጪ ልኮቹ ሲደመሩ ከዝርጉ ይበልጣሉ፤ ለእያንዳንዱ እጥፋት ትንሽ ቀንሶ መቁረጥ ግድ ነው። ያቺ «ትንሽ» ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው የአባዬ ሠንጠረዥ ሁለት ነጥብ አምስት ናት። አባዬ የወሰዳት ላሜራው ተጭኖ የሚታጠፍበት ጠባቡ የቪ ሻጋታ በነበረበት ጊዜ ነው። ሻጋታው ተሰነጠቀና ሰፊው መጣ። በሰፊ ቪ ላይ ላሜራ ማዕዘኑ ይበልጥ ክብ ይሆናል፣ የሚቀነሰውም ይጨምራል። ሠንጠረዡን ግን የነካው የለም።

እኔ ነካሁት። በቀደም አጎቴ ለምሳ ሲወጣ ልክ መቶ ሚሊ የሆነች ቁራጭ አስቆርጬ መሃሏን አጠፍኩና ሁለቱን እግሮቿን ከውጪ ለካሁ። ድምሩ መቶ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። እንግዲያው የሚቀነሰው ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ነው ማለት ነው። በእጥፋት አራት አሥረኛ ተሳስተን ኖረናል። ዛሬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አረምኩትና ለማንም አልተናገርኩም። ሣጥኗ ልክ ስትመጣ አባዬ ፊት ቆሜ ልናገር አስቤ ነበር። ንግግሩን እንኳ በልቤ ጨርሼዋለሁ።

ሁለት። ሦስት። ማሽኑ አቃሰተ። አራት።

«ሰማዩ! ና ውረድ!» አለ አጎቴ ከወዲያ።

ስገባ ኤሌክትሪሻኑ ሳህኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል። አባዬ ጠረጴዛው ጋ ቡሎን እየለየ ነው። አጎቴ ሣጥኗን አግዳሚው ላይ አቆማት። ታምራለች። ማዕዘኖቿ ቀጥ ያሉ ናቸው።

«ለአጎትህ ንገረው» አለ አባዬ ቀና ሳይል፣ «ሳህኑን ይሞክረው።»

አጎቴ ያለው ሁለት እርምጃ አጠገቡ ነው።

«ለአባትህ ንገረው» አለ አጎቴ፣ «ጆሮ አለኝ።»

ኤሌክትሪሻኑ ሳቀ። «እናንተ ቤት በሰው ነው እንዴ ስልክ የሚደወለው? ሒሳቡን ማን ይከፍላል?»

«እኔ» አልኩ።

በአንድ ቃል ነው የተቀያየሙት። ሰፊው ሻጋታ የመጣ ሰሞን አጎቴ ደንበኛ ፊት «ወንድም ጋሼ፣ ልኩ ተቀይሯል፣ ቁጥሩን አስተካክለው» አለ። አባዬም «አንተ እጠፍ፤ ልኩን ለእኔ ተው» ብሎ መለሰለት። አጎቴ ከዚያ ወዲህ «ወንድም ጋሼ» ብሎ አያውቅም። በመሃላቸው ያለሁት እኔ ነኝ።

ኤሌክትሪሻኑ ሳህኑን ከላይ ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። ቀኙን ሲያስገባው ግራው ይነክሳል፣ ግራውን ሲያስገባው ቀኙ።

«ኧረ ጠብባለች» አለ።

አባዬ ካሊፐሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ያንን ካሊፐር ሌላ ሰው አይነካውም። የሣጥኗን ወርድ ለካ።

«ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ነጥብ አራት።» አየኝ። «አንድ ነጥብ ስድስት በላሃት። ሞረድህ የት እንዳለ አልጠፋህም መቼም።»

ጆሮዬ ጋለ። አንድ ነጥብ ስድስት። አራት ጊዜ አራት አሥረኛ! ያረምኩት ራሱ ነው። በተገላቢጦሽ ሠርቼው ይሆን? የእኔን የፕላስቲክ ካሊፐር አንስቼ ሣጥኗን በየቦታዋ ለካሁ። ጎን፦ መቶ አምሳ፣ ልክ ነው። ሌላው ጎን፦ ልክ ነው። ወደ ውስጥ እጄን ሰድጄ ከንፈሯን ለካሁ። አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት። የወዲያኛዋም አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት። ሁለቱ ትርፎች ሲደመሩ አንድ ነጥብ ስድስት።

ከንፈር ማን ይለካል? ወደ ውስጥ የተደበቀች ናት፤ ትንሽ ብትረዝም ክዳን አትነካ፣ ዓይን አትገባ።

ቀና ስል ግድግዳው ላይ የዋናው ማብሪያ ሣጥን ተሰቅላለች፤ ሰፊው ሻጋታ ከመጣ ወዲህ አባዬ ራሱ የሣላት። ሄጄ በሯን ከፈትኩና ከንፈሯን ለካሁ። አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት። የመሣሪያ ቁም ሣጥኑም ያው።

እጥፋቱ የት ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው ከማሽኑ ኋላ ላሜራው የሚደገፍበት ማቆሚያ ነው፤ እሱን የሚያስተካክለው ደግሞ አጎቴ ነው። ዞሬ አጎቴን አየሁት። በጨርቅ እጁን ይጠርጋል፣ እጁ ግን ንጹሕ ነው። ጠጋ አልኩት።

«ቁጥሩን ነካኸው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አዎ። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ አደረግሁት።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«አንተስ የኋላ ማቆሚያውን በየከንፈሩ ስምንት አሥረኛ እየጨመርክ ትርፉን እዚያ ስትደብቅ ለማን ነገርክ?»

«እጄ ለምዶት ነው፤ ሳላስበው።» ጨርቁን ጣለው። «ትርፉ የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ጀርባው ላይ ከሚገባ ማንም የማያየው ቦታ ይግባ ብዬ ነው። ዛሬ ትርፍ እንደሌለ በምን ልወቅ?»

ገባኝ። ትርፍ በሌለበት ለከንፈር የጨመረውን ከጀርባው ነው የወሰደው። አሁን አንድ ቃል ብናገር እድናለሁ። ወንበሩ የእኔ ነው። ግን ያ ቃል ዞሮ ዞሮ አባዬን ነው የሚመታው፤ ሰፊው ሻጋታ ከመጣ ወዲህ ልክ መጣልኝ ያለው ሣጥን ሁሉ ልክ የመጣው በእሱ ቁጥር አይደለም። አባዬ «ስዕሌ ተመልሶ አያውቅም» ሲል ድምፁ ላይ የምትወጣውን ኩራት አውቃታለሁ። ካሊፐሬን ኪሴ ከተትኩ።

«ለአባትህ ንገረው» አለ አጎቴ ጮክ ብሎ፣ «ልጁ ምንም አላጠፋም። ማቆሚያውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ላሜራው አለ፤ ሌላ ይቆረጥ።»

አባዬ ቡሎን መለየቱን ተወ።

ዝርጉን እንዳለ፣ አንዲት ነጥብ ሳልነካ፣ ወደ ሌዘሩ ላክሁት። ብርሃኑ ከመስታወቱ ወዲያ ሲሮጥ እኔም ከማሽኑ ግራና ቀኝ ስመላለስ ኤሌክትሪሻኑ «አንተ ልጅ፣ ወለሉን ጨረስከው» አለኝ። ጠርዙን ራሴ ሞረድኩ፤ ስቸኩል ጣቴን ጫረኝ። አጎቴ ማቆሚያውን ወደ ስዕሉ ልክ መለሰው። ከንፈር አንድ። ከንፈር ሁለት። ከዚያ ጎኖቹ። ማሽኑ ባቃሰተ ቁጥር ትከሻዬ ይነሳል።

ኤሌክትሪሻኑ ሳህኑን ከላይ ለቀቀው። እስከ ታች ራሱ ወረደና ጠቅ አለ።

«እሰይ! ይኸው! ዳቦ ቤቱ ነገ ዳቦ ይበላል!»

«ዳቦ ቤት ዳቦ ይሸጣል እንጂ ይበላል እንዴ?» አለ አጎቴ፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን አባዬን ነበር የማየው።

አባዬ መጣ። ወርዱን አልለካም። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና የአዲሷን ሣጥን ከንፈር ለካ። ቁጥሩን በወፍራም መነጽሩ አየው። አሥራ ሁለት። የመጀመሪያዋን፣ የጠበበችውን አንስቶ ከንፈሯን ለካ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደ። እኔ ከፍቼ ያልዘጋሁትን የማብሪያ ሣጥን በር በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገና ለካ። አንድ ጊዜ። ካሊፐሩን ዘግቶ ከፍቶ እንደገና ለካ። ወደ መሣሪያ ቁም ሣጥኑ ዞረ። እዚያ ሲደርስ አልለካም፤ አውራ ጣቱን በብረቱ ከንፈር ላይ አሳርፎ ከላይ እስከ ታች ሳበው።

ኤሌክትሪሻኑ ሳህኑን እያሠረ ያፏጫል።

«ወንድም ጋሼ» አለ አጎቴ።

ያንን ቃል ስሰማ ጣቴ መቁሰሉን ረሳሁት። አባዬ ዞሮ አየው። ረጅም አየው። ከዚያ ወደ ስዕል ክፍሉ ገባ፤ ተከትዬው በሩ ላይ ቆምኩ። ሠንጠረዡ ስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ ነው፤ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ላይ። ቆሞ አየው። አላጠፋውም። ካሊፐሩን ከጨርቅ ከረጢቱ ጋር ጠረጴዛው ላይ፣ ከማውሱ ጎን አስቀመጠና ወንበሩን በእግሩ ወደ እኔ ገፋው።

ኮቱን ከምስማሩ አወረደ። ገና ቀን ነው፤ ሥራው አላለቀም፣ ክዳኖቹም አልታሰሩም። በእኔና በአጎቴ መሃል አለፈ፣ በሌዘሩ በኩል ዞረ፣ ትልቁን የብረት በር ለአንድ ሰው ያህል ከፈት አድርጎ ወጣ።