ድስት የፈራ ቅቤ

«ወንድማችን አሞጽ ትሑት ሰው ነበር» አሉ መጋቢ ቲቶ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው። «ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው፣ ‹እኔ ምንም አላውቅም› ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ትሕትና ዛሬ ከወዴት ይገኛል?»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ።

ብርቅዬ አሜን አላለችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ጠረጴዛው ላይ የቆመውን የወንድሟን ፎቶ ታያለች። ጥቁር ጋውን ለብሷል፤ የቆቡ ክር በግራ ጉንጩ ላይ ወርዷል። ፈገግታው የተበደረው ይመስላል።

«ትሑት አልነበረም» አለች፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ለታናሽ እህቷ ለአቢጋኤል።

«እትዬ፣ እባክሽ ዝም በይ። ሰው ይሰማሻል።»

«ይስማኛ!»

ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ይደበድብ ጀመር። የእድሩ ሴቶች ቆሎና ሻይ ይዘው በረድፉ መሃል ያልፋሉ። ብርቅዬ ብርጭቆውን ተቀብላ ሳትቀምሰው መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከቀብሩ ጀምሮ ያንገፈገፋት ያ ቃል ነው። ትሑት! ለቅሶ የገባ ሁሉ እሱን ነው የሚላት።

ያን ፎቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው እሷ ናት። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ልጅ ያስመረቀ ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ፎቶ አለው፤ እንግዳ ገና ከበር ሲገባ እንዲያየው ሆኖ ይሰቀላል። በእነሱ ቤት ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጋውን የለበሰ የመጀመሪያው ሰው አሞጽ ነው። አሞጽ ግን ቤት በመጣ ቁጥር ፎቶውን አውርዶ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ይሸጉጠዋል። እሷ እሱ በሄደ ማግስት መልሳ ትሰቅለዋለች። ዓመታት እንዲህ ተጣሉ።

«ምን አደረገህ ይሄ ፎቶ?» አለችው አንድ ቀን።

«ሰውየውን አላውቀውም፣ እትዬ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ብርቅዬ ቅቤ ነጋዴ ናት። አባትና እናታቸው ሲሞቱ ሦስተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን ጥላ ገበያ ወጣች፤ ሁለቱን ታናናሾቿን ያሳደገችው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ሸጣ ነው። አሞጽ መምህር ከሆነ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ገዢ ቅቤውን ዳብሳ፣ አሽትታ፣ ፊቷን አጨማዳ ስትሄድ አየና ጠየቃት።

«እትዬ፣ ሙዝ የቀላቀሉበት ቅቤ በምን ይታወቃል?»

«በድስት። ላይ ላዩን ማንም ይታለላል። እሳት ሲነካው ነው ጉዱ የሚወጣው።»

እንደ መሳቅ አለና አንገቱን ደፋ። «እኔ እሱን ነኝ። እስካሁን ማንም ስላልጣደኝ ነው።»

«አንተ! ክፍልህን አንደኛ ወጥተህ አይደል እንዴ?»

«ጎበዞቹ ሌላ ትምህርት መርጠው ሄደው ነው።»

«ማስተርሱንስ?»

«አማካሪዬ አዘነልኝ።»

«መምህር አድርገው ያስቀሩህስ?»

«ሰው ጠፍቶ።»

ያነሳችው ሁሉ መልስ ነበረው፤ እንደ ገበያ ተከራካሪ እየቆነጠረ ዋጋውን ይጥለዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፉው ነገር ምን መሰለሽ? አንድ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር የሚቀለኝ ይመስለኝ ነበር። ብሶ ነው የሚከብደኝ። መውደቂያው ይርቃላ!»

እሷም መድኃኒቱን የምታውቅ መስሏት ታወድሰው ጀመር። «አንተ እኮ የአገር ኩራት ነህ» ትለዋለች፤ ጎረቤት ጠርታ «ወንድሜ ምሁሩ» ትላለች። ቀበሌው የድንበር ጠብ ሲኖር «የተማረው ይፍረድ» ብሎ ይጠራዋል። በተመሰገነ ቁጥር ትከሻው ይሰበሰባል። ያኔ ያልገባት ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ያመሰገነው ሰው በእሱ ቤት አንድ ተጨማሪ የተታለለ ሰው ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል የአሞጽ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ መምህር እንድርያስ፣ ጫማውን በድንኳኑ ደፍ ላይ ጠራርጎ ገባ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለና አጠገቧ ተቀመጠ። «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛ ኩሩ ይመስለን ነበር። ሻይ እንውጣ ስንለው አይወጣም። አንድም ቀን ‹ይህን እንዴት ነው?› ብሎ ጠይቆን አያውቅም። ሁሉን የሚያውቅ፣ እኛን የናቀ መስሎን ነበር።»

«ፈርቶ ነው» አለች ብርቅዬ።

«ምኑን?»

«ጥያቄውን። ቢጠይቅ የማያውቅ መሆኑን የምታውቁበት መስሎት። አማርኛው እንኳን የእኛ አገር ቃና እንዳይሰማበት እዚህ ቤት ብቻውን እያነበበ ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ።»

እንድርያስ ግንባሩን አሸ። «ሐዋሳ የሚያቀርበውን ጥናት አይቼለት ነበር። ‹አልቋል፣ ግሩም ነው› አልኩት። ደስ ይለዋል ስል ፊቱ ጠቆረ። እንደገና ከሥር ጀመረው አሉ።»

«በዚያ ሳምንት የልብ ሐኪም ቀጠሮ ነበረው። አዲስ አበባ።»

«የምን ሐኪም? ፈቃድ መጠየቅ ይችል ነበር እኮ! አንድ ቃል ቢለኝ…»

«እኔም ሂድ ብዬ ለምኜዋለሁ። ‹አሁን ከቀረሁ ያለእኔም ሥራው እንደሚሄድ ያውቁብኛል› አለኝ።»

እንድርያስ የያዘው ብርጭቆ እጁ ላይ ዘመም ብሎ ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። አላስተዋለውም። አሞጽን ቢሮው ውስጥ፣ ያንኑ ያለቀ ጥናት ላይ እንደተደፋ ሞቶ ያገኘው እሱ ነበር።

ከኋላ ረድፍ የጎረቤቷ የከበቡሽ ድምፅ መጣ። «አቢጋኤልዬ፣ ዱራሜ ሆስፒታል ፋርማሲ ተቀጥረሻል አሉ። ሰኞ ትገቢያለሽ አይደል?»

አቢጋኤል የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። «አልሄድም። ለሚገባው ሰው ይስጡት። እኔ ገና ነኝ።»

«አያችሁ!» አሉ መጋቢ ቲቶ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ተወዳድራ አንደኛ የወጣች ልጅ! የወንድሟ ትሕትና እሷም ላይ አርፏል። ጌታ ይባረክ!»

«አሜን!»

ብርቅዬ ተነሳች። ሐዘንተኛ ከፍራሹ ተነስቶ መጋቢ ፊት አይናገርም፤ ይህን ታውቃለች።

«መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን አሜን መልሱት።»

ከመጋቢው ወደ ለቀስተኛው ዞረች።

«አባታችንን ታውቁታላችሁ፤ የስንታችሁን ቤት ሣር ከድኗል። ሲያመሰግኑት ‹ኧረ እኔ ምን አለኝ› ይል ነበር። ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግን እግሩ አይብረከረክም፤ ዝናብ ሲመጣም እንቅልፉን ይተኛል። ትሑት እሱ ነው። ያለውን ያውቀዋል፣ አያወራውም። አሞጽ ግን ያው ቃል በአፉ፣ ልቡ ሌላ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የከደነው ሁሉ የሚያፈስ የሚመስለው ሰው ነበር።»

«ብርቅዬ፣ ልጄ…» አሉ መጋቢ።

«ልጨርስ! እኔ ቅቤ ነው የማውቀው። ጥሩ ቅቤ ያላት ሴት ‹እንደ ነገሩ ነው፣ እህቴ› ትላለች፤ ድስት ሲጣድ ግን አትሸሽም። የምትሸሸው ሙዝ የቀላቀለችው ናት። ወንድሜ ንጹሕ ቅቤ ይዞ ሸሸ። እየሸሸ ሞተ። እኔ በምስጋና አባረርኩት፣ እናንተ በአሜን። ይህቺኛዋን አትንኩብኝ!»

«ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ድሮስ መቼ ምላሷ ዝም ይላል!» አለች ሌላዋ።

መጋቢ ቲቶ ጉሮሯቸውን ጠራርገው መዝሙር አስጀመሩ። መስማማታቸውም መቀየማቸውም አልታወቀም። ሲጨርሱ ግን በጸሎታቸው ውስጥ ትሕትና የሚለውን ቃል አላነሱትም።

አቢጋኤል እህቷን ጓዳ ድረስ ተከትላ መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

«አዎ፣ አዋረድኩሽ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? የመውጫ ፈተናውን ያለፍኩት የማውቀው ክፍል ስለመጣልኝ ነው። ዱራሜም ሌሎቹ ስላልተዘጋጁ ነው። አንድ ቀን የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥቼ ሰው እገድላለሁ፤ ያኔ ሁሉም ያየኛል!»

ብርቅዬ አፏን ከፈተች። ‹እሱንስ ክፍል አጥንተሽ አይደል ያወቅሽው?› ልትል ነበር። ዘጋችው። በዚህ መንገድ ከአሞጽ ጋር ዓመታት ተከራክራ ሁሌ እሷ አሸንፋለች፤ ማሸነፏም አላዳነውም።

የተገለበጠ እንስራ ላይ ተቀመጠች። «እሺ። የማታውቂው ምኑን ነው? በስሙ ጥሪልኝ።»

«ምን?»

«የማታውቂውን። በስሙ።»

አቢጋኤል ግራ ገባት። «የሕፃናት መድኃኒት… በክብደታቸው ሲሰላ እጠራጠራለሁ። ደግሜ ደጋግሜ ነው የማሰላው።»

«ሌላስ?»

«የመጋዘኑን ኮምፒውተር ነክቼው አላውቅም።»

«ሌላስ?»

አቢጋኤል አሰበች። «ሌላው… እንዲሁ ነው። ስም የለውም። ብቻ እንደ ሌባ ነው የሚሰማኝ።»

«ስም ያለውን ጠይቂ። የመጀመሪያው ቀን፣ እዚያ ያገኘሽውን ሰው። ስም የሌለውን ይዘሽው ሂጂ።»

«ብጠይቅ ያውቁብኛል።»

«አሞጽ አልጠየቀም። ኩሩ ነው አሉት።»

አቢጋኤል ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከቀብሩ ጀምሮ እንግዳ ስታስተናግድ፣ ስትታዘዝ፣ «ጠንካራ ልጅ» ስትባል የሰነበተችው ልጅ፣ ያን ጊዜ አለቀሰች። በደንብ፣ አፍንጫዋን እየጎተተች።

«ባይለቀኝስ፣ እትዬ?»

«ላይለቅሽ ይችላል» አለች ብርቅዬ። «እኔ እንጃ።» የምትዋሸው ውሸት አጥታ እንጂ፣ ብታገኝ ኖሮ በዋሸቻት።

እሑድ ከሰዓት የእድሩ ወንዶች ድንኳኑን ነቀሉ። ግቢው ውስጥ የቀረው የተረገጠ ጭቃና የወንበር እግር የቆፈረው ጉድጓድ ብቻ ነው። በተከፈተው የመኝታ ቤት በር በኩል የአቢጋኤል ሻንጣ አልጋው ላይ ይታያል። ነጭ ጋውኗ ውስጡ ነው፤ ክዳኑ ግን አልተዘጋም።

ብርቅዬ የአሞጽን ፎቶ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች። ወንበር ስባ ወጣችና ሚስማሩን በጣቷ ፈለገችው። ስንት ጊዜ በዚህ ሚስማር ተጣልተዋል፣ እሷ ስትሰቅል፣ እሱ ሲያወርድ። ሰቀለችው። ከእንግዲህ የሚያወርደው የለም።

«ዘመመ እንዴ?» አለች፣ ሳትዞር።

«እኔ ምን አውቄ…» አለች አቢጋኤል ከኋላዋ። አቆመች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትል የእግሯ ድምፅ ተሰማ። «ወደ ግራ። ትንሽ። አሁን ልክ ነው፤ ልቀቂው።»

ብርቅዬ አልለቀቀችውም። አሞጽ ሊያወርደው ሲል የሚይዘው በአንዱ ጠርዝ በኩል ነበር፤ መዳፏን እዚያ ጠርዝ ላይ እንዳሳረፈች ወንበሩ ላይ ቆማ ቆየች።