ዘንጉ ከየትኛው ክር ጋር ተወዛወዘ?

በገዛ ዓይኑ ያየውን የጻፈ ተማሪ ዜሮ ይገባዋል? አዎ የምትሉ ካላችሁ እዚሁ አቁሙ፤ ከእናንተ ጋር ጉዳይ የለኝም።

የእህቴ ልጅ እኔ በማስተምርበት ኮሌጅ ፊዚክስ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ከቤተ ሙከራ ወጥታ ቢሮዬ ገባች። ወረቀቷን በቀይ እስክሪብቶ አርደውላታል።

«አጎቴ፣ ወደቅኩ። ቤተ ሙከራውን ካላለፍኩ ደግሞ ለመጨረሻው ፈተና አልቀመጥም።»

ሙከራው ቀላል ነው። ውፍረቱ ዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ የአንድ ሜትር የብረት ዘንግ ጫፉ ላይ ተበስቶ በምስማር ይንጠለጠላል፤ ትንሽ ወደ ጎን ተስቦ ይለቀቃል። ሄዶ ለመመለስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? እሷ 1.64 ጽፋለች። የፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያወጣው መልስ ግን 0.82 ይላል። ልክ ግማሹ!

«ጓደኞችሽስ?»

«ሁሉም 1.64 አገኙ፤ ሁሉም ለሁለት አካፍለው ጻፉ። ‘የዘንጉን አካፍሉት’ የሚል ምክር ከነባር ተማሪ ወደ አዲስ ይወረሳል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

«አንቺስ?»

«እኔማ የእናቴ ልጅ ነኝ!»

እናቷን ስለማውቃት አልተከራከርኩም።

የኃላፊውን ስሌት አወጣሁና ደሜ ፈላ። አንድ ነገር መዞርን ምን ያህል እንደሚቃወም የሚለካ ቁጥር አለ፤ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ እንለዋለን። ዘንጉ በመሃሉ ቢዞር ኖሮ፣ መጠነ ቁሱን በርዝመቱ ካሬ አባዝቶ ለአሥራ ሁለት ማካፈል ነው። ሰውየው ይህንኑ ገልብጦ ጫፉ ላይ ለተንጠለጠለው ዘንግ ሰጠው። ምስማሩ መሃል ላይ ነው እንዴ? ዛቢያው፣ ማለትም የሚዞርበት ነጥብ፣ ከመሃል ሲርቅ፣ መጠነ ቁሱ በራቀበት ርቀት ካሬ ተባዝቶ ይደመራል፤ የትይዩ ዛቢያዎች ሕግ የሚለው ይህንን ነው። እዚህ ርቀቱ የርዝመቱ ግማሽ ነው፤ ካሬው አንድ አራተኛ። አንድ አሥራ ሁለተኛና አንድ አራተኛ ተደምረው አንድ ሦስተኛ ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው አራት እጥፍ ማለት ነው። የመወዛወዣው ጊዜ ደግሞ በካሬ ሥሩ ስለሚያድግ ሁለት እጥፍ ይሆናል። እነሆ የጠፋው ግማሽ!

ልጅቷን አስከትዬ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለኝ ረጋ ብሎ። «ልጅቷ መሄድና መመለሱን አንድ ብላ ቆጠረች። መሄዱ አንድ፣ መመለሱ ሌላ አንድ ነው። ደግሞ አጎትነትህን ቤትህ ብታስቀምጠው ምናለ?»

«አጎትነቴ ብረት አያዘገይም!»

አያችሁ ተንኮሉን? ስህተቱ ልክ ግማሽ ስለሆነ፣ በቆጠራ አሳብቦ ዓመታት ኖረ።

«ዶክተር፣» አለች የእህቴ ልጅ፣ «ቆጠራው ካጣላን ለምን እንቆጥራለን? ሁለት ክር እናንጠልጥል፤ ጫፋቸው ላይ ትናንሽ የእርሳስ ድቡልቡል እንሰር። እርስዎ ልክ ከሆኑ ዘንጉ የርዝመቱን አንድ ስድስተኛ ከሚያህለው አጭር ክር ጋር እኩል ይወዛወዛል። እኔ ልክ ከሆንኩ ሁለት ሦስተኛውን ከሚያህለው ረጅም ክር ጋር።»

ኃላፊው ወረቀት ስቦ ራሱ አሰላው። «ይሄ ትክክል ነው» አለ። «ተማሪዎቹም ይዩት። አጎትሽም አደብ ይገዛል።»

በማግስቱ ቤተ ሙከራው ጢም ብሎ ሞላ። ዘንጉና ሁለቱ ክሮች በአንድ አግዳሚ ላይ ተሰለፉ። ኃላፊው ሦስቱንም በረጅም ማስመሪያ ገፍቶ በአንድ ጊዜ ለቀቃቸው።

አጭሩ ክር ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ተራወጠ። ዘንጉና ረጅሙ ክር ግን ጎን ለጎን ሄዱ፤ ጎን ለጎን ተመለሱ። አጭሩ ሁለት ጊዜ ደርሶ ሲመለስ እነሱ ገና አንዴ መመለሳቸው ነበር።

ከዚያ ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «ዶክተር፣ የአጭሩንም ለሁለት እናካፍለው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ራሱ ሳያስበው ሳቀ፤ ግንባሩን አሸት አደረገና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«በቃ፣ ማርኳን አስተካክላለሁ። ትፈተን። ነገሩ እዚሁ ይለቅ።»

የእህቴ ልጅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ግን ምኑ ነው እዚሁ የሚያልቀው? በጆሮ ሹክ የተባለ እርማት ማንን ያርማል? የመልስ ወረቀቱ አሁንም ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ ያላዩትን ቁጥር የጻፉት ሁሉ ሙሉ ነጥባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል! ስለዚህ ኃላፊው ሰኞ ጠዋት፣ ተማሪውም መምህሩም በተሰበሰበበት አዳራሽ ድምፅ ማጉያውን ይያዝና ይመልስልን፦ ያየችው ወድቃ ያላዩት ያለፉት በየትኛው ሕግ ነው?