የጉድጓዱ ውሃ በአራት ገጽ

ባልደረቦቿ «መቀስ» ይሏታል። በውሃ መሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ፣ ባለሙያ ለባለሙያ የጻፈውን እየቆራረጠች ማንም እንዲገባው አድርጋ ስትጽፍ የወጣላት ስም ነው። በዚያ ሳምንት ግን መቀሱ ዶልዱሞባት ነበር።

በፊቷ የተቀመጠው ጥናት መቶ ሰማንያ ስድስት ገጽ ነው። የታችኛው ሰፈር ሰዎች የሚጠጡባቸው አሥራ አንድ ጉድጓዶች ተመርምረው፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከማዳበሪያ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ናይትሬት የተባለ ንጥረ ነገር ተለክቷል። እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ በአራት ገጽ አድርጋ ማውጣት አለባት። ወረቀቱ ለሰፈሩ ሰዎች የሚታደልበት ስብሰባ ነገ ጠዋት ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ «ከስድስት ሰዓት በኋላ አልቀበልም» ብሏል። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ረቂቁ እንኳ አልቋል። የክፍሉ ኃላፊ ትናንት አይተውት ሁለት ነገር አስቀይረዋል። የመጀመሪያው መስመር ላይ «የአሥራ አንዱ ጉድጓዶች አማካይ ናይትሬት በሊትር አርባ አንድ ሚሊግራም ነው፤ የተፈቀደው ጣሪያ ሃምሳ ነው» እንዲባል አድርገዋል። ከጣሪያው ያለፉት ሦስቱ ጉድጓዶች ደግሞ ወደ መጨረሻው ገጽ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብተዋል። «ሕዝብ አታሸብሪብኝ» ነበር ያሏት። መቀስም እሺ ብላ ወጣች። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ምን እንደጎደለ ሳታውቅ የሆነ ነገር እንደጎደለ ሆዷ ይነግራት ነበር።

ስለዚህ የቢሮው የጽዳት ሠራተኛ እትዬ መወልወያቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። እትዬ የታችኛው ሰፈር ሰው ናቸው።

«እትዬ፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ። ከዚያ በራስዎ ቃል ምን እንደሚል ይንገሩኝ።»

«ፈተና ነው እንዴ ልጄ? እኔ እኮ ከስምንተኛ ነው ያቋረጥኩት።»

«የምፈተነው እኔ ነኝ። እርስዎ ካልገባዎት የወደቅኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ መነጽራቸውን ከደረታቸው አውጥተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። መቀስ የግድግዳውን ሰዓት ላለማየት እጆቿን ጭኗ መሐል ቀበረች። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ጥሩ ነው። ውሃው ደህና ነው ይላል። ለጨቅላ ሕፃን ግን ጠንቀቅ በሉ ይላል። እኛ እንግዲህ እንጠነቀቃለን፤ ለልጅ ልጄ ወተቱን የምንበጠብጠው ውሃውን በደንብ አፍልተን፣ እንደገና አፍልተን ነው።»

«ምን ዓይነት ወተት?»

«የዱቄቱን። የልጄ ጡት እምቢ አለ። ገና ሁለት ወሩ እኮ ነው።»

መቀስ ስለ ማፍላት በረቂቁ ውስጥ አንዲት ቃል እንዳልጻፈች ያን ጊዜ ታወቃት። ጥናቱን አንስታ ገጾቹን መገልበጥ ጀመረች። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ዓረፍተ ነገሩ ቁጭ ብሏል፦ «ሙቀታዊ ማከም ለናይትሬት ቅነሳ ውጤታማ ያልሆነ ሲሆን፣ በትነት ምክንያት የክምችት መጠን መጨመር ይስተዋላል።» ሦስት ጊዜ አንብባው አልፋለች። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኗ እንጂ ጭንቅላቷ አላነበበውም።

ጥናቱን ለሠራው መሐንዲስ ደወለች። ለቁጥር ባለው ፍቅር «ሠንጠረዥ» የሚሉት ሰው ነው።

«ስማኝ፣ ውሃው ሲፈላ ናይትሬቱ ይጠፋል?»

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ጽፌያለሁ እኮ።»

«ገጹን ተወውና በአፍህ ንገረኝ!»

«አይጠፋም። ውሃው ይተናል፣ ናይትሬቱ ይቀራል። ስታፈዪው ይባስ መጠኑ ይጨምራል።»

«ስድስት ወር ያልሞላው ልጅስ ምን ይሆናል?»

«ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል። ለትልቅ ሰው ይህን ያህል አያሰጋም፤ ጡት ብቻ የሚጠባም አያሰጋውም። አደጋው ወተቱ በዚያ ውሃ ለሚበጠበጥለት ነው።»

መቀስ ወደ እትዬ ዞረች። ሴትዮዋ መወልወያቸውን አቅፈው ፊቷን ያነብባሉ።

«የምትቀዱት ከየትኛው ነው? ከቁጥር ሰባት ነው?»

«ቁጥር አላውቅም ልጄ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለው ነው።»

መቀስ ካርታው ላይ ጣቷን ሰደደች። ወፍጮ ቤት፤ ቁጥር ሰባት፤ ዘጠና አንድ። ከአሥራ አንዱ ሁሉ የባሰው ነው። አራት ገጽ ሙሉ ቁጥር ጽፋ፣ ሰዉ ጉድጓዱን በምን ስም እንደሚጠራው አልጠየቀችም።

«ልጁ እንዴት ነው?» አለች።

«ደህና ነው... ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከንፈሩ ጠቆር ብሏል። ብርድ ነው ብለን ጠቀለልነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሩጫ ነበር። እትዬ ለልጃቸው ደወሉ፤ መቀስ ስልኩን ተቀብላ «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ወተቱ በጉድጓድ ውሃ እንደሚበጠበጥ ንገሪያቸው፣ ናይትሬት በይ» አለቻት። እትዬ ነጠላቸውን እንኳ ሳያነሱ ወጡ። መቀስ ረቂቋን ይዛ ያለ ማንኳኳት ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ይህ ወረቀት አይታተምም።»

«ትናንት ተስማምተን አልነበረም እንዴ?»

«ተስማምተን ነበር። ተሳስተናልም። እትዬ አንብበውት ውሃው ደህና ነው አሉኝ፤ የልጅ ልጃቸው ግን ከቁጥር ሰባት ሲጠጣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ስምንቱ ጉድጓዶች ደህና መሆናቸው የሦስቱን ውሃ የሚጠጣውን ልጅ አያድነውም።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ረቂቁን ያጸደቀው ኮሚቴ ሳይፈርም መቀየር አልችልም። ደግሞ ማፍላት አይጠቅምም ብለሽ ብትጽፊ ሰዉ ማፍላቱን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተቅማጥ ይገባል።»

እውነታቸውን ነበር። ሠንጠረዥን ጠርታ፣ ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። መሐንዲሱ «በአንጻራዊነት» ሲል እሷ ትሰርዛለች፤ እሷ «መርዝ» ስትል እሱ ይሰርዛል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ሆነ፦

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥርና ከድልድዩ አጠገብ ያሉት ሦስት ጉድጓዶች ውሃ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ወተት መበጥበጫ አይሁን። ቢፈላም፣ በጨርቅ ቢጣራም አይሁን። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ስለዚህ ለሌላው ሰው ማፍላታችሁን ቀጥሉ። ናይትሬትን ግን አያጠፋም። ናይትሬት ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። የሕፃኑ ከንፈር ወይም ጥፍር ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ውሰዱት።»

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ለኮሚቴው አባላት አንድ በአንድ ደወሉ፤ በመጨረሻም የእነሱን ፊርማ ሳይጠብቁ ብዕራቸውን አንስተው በራሳቸው ኃላፊነት ፈረሙ። «ሥራዬ ቢሄድ ከአንቺ ጋር ነው የምሄደው» አሉ። ቀልዳቸው ይሁን ምራቸው አልለየላትም። ከነገ ጀምሮ ለሦስቱ ቦታዎች የውሃ ቦቴ እንዲመደብ ግን ወዲያው ስልክ መቱ።

መቀስ ወረቀቱን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኳ በፊት የበሩን ጥበቃ አስነበበችው። «ሳነበው የገባኝ፣ ማፍላት ዋጋ የለውም ነው» አላት። ተመልሳ ስለ ማፍላት ያለውን ምክር ለሁለት ከፍላ፣ በትልልቅ ፊደል ለየብቻ አስቀመጠችው። ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። ጥበቃው እንደገና አነበበ። «አሃ! ለእኛ አፍሉ፣ ለሕፃን ወተት ግን ሌላ ውሃ ፈልጉ።»

እትዬ የደወሉት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መቀስ ስልኩን አነሳች።

«ደሙ ቡናማ ሆኖ ወጣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ሰልሏል። «ኦክስጅን አደረጉለት፣ መድኃኒትም በመርፌ ሰጡት። አሁን ከንፈሩ ቀልቷል። እያለቀሰ ነው። ትሰሚዋለሽ?»

ሰማችው። ለቅሶው ቀጭንና ቁጡ ነበር። መቀስ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ወረቀቱን በር ላይ ቆማ ራሷ አደለች፤ ሕፃን ያዘለች ባየች ቁጥር እያስቆመች «የምትቀጂው ከየትኛው ነው? ምን እንደሚል እስቲ ንገሪኝ» ትላለች። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ትቆጣለች። ስብሰባው ሲያልቅ ስልሳ ሦስት ወረቀት ተርፎ ነበር። መቀስ ቁልሉን አቅፋ፣ ያልመጡትን ቤት ለቤት ለመፈለግ በድልድዩ በኩል ወረደች።