የተከደነው ሳህን አንቀጽ

«ምን በደልኩሽና ነው ለአስተማሪሽ የከሰስሺኝ?» አለ ክሪስፑሎ፣ የልጁን የድርሰት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እያኖረ።

ሮዌና ከምታጸዳው ዓሣ ቀና አላለችም። «አንተን አይደለም፣ ታታይ» አለች አባቷን። «በክፍል ያነበብነውን ልብ ወለድ ሰውዬ ነው።»

«‹ለመንደሩ ሁሉ ደረሰ፤ ለቤቱ ግን አልደረሰም› ይላል እኮ።»

«ሰባስቲያኖ ነው እሱ። መንደሩን ከጎርፍ የሚከላከለውን የባሕር ግንብ የሠራው።»

ክሪስፑሎ ወረቀቱን መልሶ አነሳ። በኢሎይሎ ወደብ ጀልባ በተሰነጠቀ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው፤ ምሳውን ትቶ ይሄዳል። ሰፈሩ «የጀልባ ሐኪም፣ ጣሪያው የሚያፈስ» እያለ በፍቅር ያማዋል።

የሮዌና የመጀመሪያ ድርሰት ወድቆ ነበር። ሰባስቲያኖን ከዳር እስከ ዳር አወድሳ ስትሰጥ፣ አስተማሪዋ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ከጎኑ የቆሙትን አላየሻቸውም» ብላ ጽፋ መለሰችላት። እንደገና የተጻፈ ድርሰት ደግሞ ወላጅ ካልፈረመበት አይታረምም። ማስረከቢያው ነገ ጠዋት ነው።

«የሰባስቲያኖን ሚስት አንቀጽ አውጪውና እፈርማለሁ» አለ ክሪስፑሎ።

«እሱ ከወጣ ማስረጃ የለኝም። ጸሐፊው አንድም ቦታ ‹ሰባስቲያኖ ጥፋተኛ ነው› አይልም። ሚስቱን ሦስት ጊዜ ብቻ ያመጣታል፤ ሦስቱንም ጊዜ በር ላይ ቆማ የእሱን የምግብ ሳህን ስትከድን። የገጾቹን ቁጥር ጽፌዋለሁ።»

«ይሄ ሌላው የልብ ወለዱ ሰው፣ ጀልባ ቀዛፊውስ ምን ሊሠራ ገባ?»

«ማነጻጸሪያ ነው። የሰባስቲያኖ ጠላት አይደለም። ጎርፉ በሁለቱም ላይ በአንድ ቀን መጣ፤ ሰባስቲያኖ ወደ ግንቡ ሮጠ፣ ቀዛፊው መጀመሪያ የታመመች እናቱን አወጣ። ጎን ለጎን ስታቆማቸው የአንደኛው ጉድለት ይታያል። ብቻውን ብታየውማ ሰባስቲያኖ ጀግና ነው።»

ክሪስፑሎ ወረቀቱን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። አንቀጹን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ባለፈው ዝናብ ባለቤቱ ኮንሶርሲያ ሆስፒታል ስትተኛ እሱ በሰው ጀልባ ሥር ተንበርክኮ ስንጥቅ ይደፍን ነበር። አልጋዋ አጠገብ የነበረው ወንድሙ ቤርቶ ነው፤ ሥራ አይወድም ተብሎ ሲሳቅበት የኖረው ቤርቶ። ክሪስፑሎ ሲደርስ እጇን የያዘው እሱ ነበር። ቤት ሲመለሱ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሆስፒታል ከመሄዷ በፊት ከድናለት የሄደችው።

ያን ቀን ስለ ጀልባው ሁሉም አመስግኖታል።

ተመልሶ ገባ። ብዕሩን አነሳና ከታች ቀስ ብሎ ፈረመ፤ ፊርማው የራሱ አልመሰለውም። ሮዌና ዓሣውን ትታ ታየው ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ቀዛፊው ራሱ ጥፋት የለበትም?»

ሮዌና ወረቀቱን አጠፈች።

«አለበት፣ ታታይ። ድርሰቱ ግን ስለሱ አይደለም።»