የስድስት ሰዓቱ ቴክኒሽየም

ማህሌት እባላለሁ። ውሃ ውስጥ ትንሽ ጨረር ያለው ነገር ጨምሬ፣ ውሃው በየት እንደሚወጣ የምከታተል ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ! አፌን ቁርጥ ያድርገው።

አቃቂ በሰቃ፣ ከአንድ ፋብሪካ ጀርባ በአፈር ግድብ የታገደ ኩሬ ነበር። ከግድቡ ግርጌ፣ እማማ ጋዲሴ ጓሮ ውስጥ ውሃ መመንጨት ጀመረ። ግድቡ እያፈሰሰ ከሆነ ሊናድ ይችላል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ከሆነ አያሰጋም። እማማ ጋዲሴና ባለቤታቸው አቶ መገርሳ ዕቃቸውን ሸክፈው፣ ኮዬ ፈጬ ሰፈር የሚኖር ልጃቸው ዘንድ ለመግባት፣ ለማጣራት የተጠራነውን የእኛን መልስ ይጠብቁ ነበር።

ኩሬው ሲሞላ ምንጩ በግማሽ ቀን ይጨምራል። እኔም ይህን አይቼ «ውሃው ከኩሬው ምንጩ ጋ በግማሽ ቀን ይደርሳል» አልኩና ቴክኒሽየም የሚባለውን ጨረር ያለው ንጥረ ነገር መረጥኩ። ጨረሩ በየስድስት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከሆስፒታል በማግስቱ ይገኛል፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ድራሹ ይጠፋል። ምንጩን ለሳምንታት አጥሮ ከሰፈር ሰው ጋር መጨቃጨቅ የለም።

ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ የቆዩት ቴክኒሻናችን ጋሽ ሀብተሚካኤል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማሂ፣ በግማሽ ቀን የሚደርሰው ግፊቱ ነው እንጂ ውሃው ራሱ አይደለም። አፈሩን አይተሽ ብታሰዪው አምስት ቀን ይፈጃል። በየስምንት ቀኑ በግማሽ የሚቀንሰውን አዮዲን ጠይቂ፤ በአምስተኛው ቀን እንኳ ሁለት ሦስተኛው ይተርፋል።»

«አዮዲን ሰፈሩን ወር ሙሉ ያስጨንቀዋል። እርስዎ ከፈሩ የቴክኒሽየሙን መጠን እጥፍ አደርገዋለሁ።»

«እጥፍ ብታደርጊው የምታተርፊው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው!»

በሾፌራችንና በፋብሪካው ሰዎች ፊት ነበር ያረሙኝ። ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ የምፈርመው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

መጠኑን እጥፍ አድርጌ ኩሬው ውስጥ፣ ግድቡ ሥር ጨመርኩ። ምንጩ ውስጥ የከተትነው የጨረር መቁጠሪያ ሁለት ቀን ሙሉ ከተለመደው የተፈጥሮ ጨረር ሌላ ምንም አላሳየም። በሦስተኛው ቀን ዕቃዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። እስከ አምስተኛው ቀን ብጠብቅ ኖሮ እንኳ ቴክኒሽየሙ ሃያ ጊዜ በግማሽ ተቀንሶ፣ ከሚሊዮን አንድ እጅ ነበር የሚቀረው። ያንን ደግሞ የትኛውም መቁጠሪያ አያየውም።

«ግድቡ አያፈስም» ብዬ ፈረምኩ። ለእማማ ጋዲሴም ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝና የሸከፉትን ዕቃ ፈቱ።

ነሐሴ ላይ፣ ሲዘንብ ባደረ ማግስት ጠዋት ግድቡ ተናደ። እማማ ጋዲሴ ወፍጮ ቤት ነበሩ። አቶ መገርሳ አልጋቸው ላይ ነበሩ።

ለቅሶ ቤት ከጋሽ ሀብተሚካኤል ጋር ሄድኩ። እማማ ጋዲሴ ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«እሱማ እንሂድ፣ ልቤ ፈርቷል ብሎኝ ነበር» አሉ። «የተማረችዋ ልጅ ደህና ነው ብላለች፣ አርፈህ ተኛ ያልኩት እኔ ነኝ። ግድቡ ያኔ ደህና ነበር፣ አይደል ልጄ? በኋላ ነው የተበላሸው?»

ጋሽ ሀብተሚካኤል ቀና ብለው አዩኝ።

«አዎ እማማ» አልኩ። «በኋላ ነው።»