የሌሊት ጡት

አምሳለ ልጇን ኪዳኑን የሌሊት ጡት ልታስጥለው የተነሳችው ጨክናበት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው እናትን ለመውቀስ አፉ ፈጣን ስለሆነ ነው። ባሏ ትእዛዙ በባሕር አድርጎ ወደ ሳውዲ ከወጣ ስምንት ወሩ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሰቆጣ ዳር ባለችው አንድ ክፍል ቤት የቀሩት እሷ፣ የአሥራ አራት ወር ልጇና አማቷ እማ የሺመቤት ናቸው። ክረምቱ ገብቷል፣ ከጎተራው ሥር የቀረውም ገብስ ተጠርጎ ተበልቷል፤ የሚቀምሱት ከጎረቤት የተበደሩትን ነው። በዚህ መሀል ነው እንግዲህ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ገብረ ሊባኖስ ሊጥ የምታቦካለት ሴት እንደሚፈልግ የሰማችው። ሥራው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተጀምሮ አሥራ አንድ ላይ ያልቃል።

ኪዳኑ ግን ሌሊት አራት ጊዜ እየነቃ ይጠባል፤ ያለ ጡት ተመልሶ አይተኛም። ጡቱ ደግሞ ለእሱ ቅንጦት አልነበረም። በዘጠኝ ወሩ ክንዱ እንጨት አክሎ፣ በጤና ጣቢያው የፓኬት ምግብና በእናቱ ወተት ነው ከሞት አፍ የተመለሰው። የክንዱ መለኪያ ጥብጣብ ከአስጊው ቢጫ ወደ ጤነኛው አረንጓዴ ከተሻገረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ወተቷ ቢደርቅ ልጁ ተመልሶ የት እንደሚወርድ አምሳለ አሳምራ ታውቃለች።

ስለዚህ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ መስታወት ነበር።

«ይቻላል፣ ግን ቀስ ብለሽ ነው» አለቻት መስታወት። «አራቱንም ባንዴ አትቁረጪ። አንዱን ምረጪና የሚጠባበትን ጊዜ በየሌሊቱ አሳጥሪው፤ እሱን ሲለምድ ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ። ማታ ገንፎውን ይብላ፣ ጠግቦም ይጥባና ይተኛ። ሲነጋ እንደገና ስጪው። ቀን ቀን ከቀድሞው አብልጠሽ ደጋግመሽ አጥቢው፤ ወተት የሚመጣው በተጠባ ቁጥር ነው። ሌሊት ጡትሽ ሲወጥር ደግሞ በእጅሽ እለቢው። ዝም ካልሽው ያብጣል፣ ወተቱም ይሸሻል። ሁለት ሳምንት፣ ምናልባትም ሦስት ይፈጅብሻል።»

«ሲያለቅስስ?»

«እማ የሺመቤት ይያዙት። አንቺ ስትይዢው ወተቱ ይሸተዋል። ብቻውን ግን እንዳታስለቅሱት።»

እማ የሺመቤት ያዙት። ሲነቃ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ፣ በአገራቸው ቋንቋ በኸምጣኛ እያባበሉ፣ በኩባያ ውሃ ቅመስ እያሉ አስተኙት። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አምርሮ አለቀሰ፤ አሮጊቷም አብረውት አለቀሱ። አምሳለ በወዲያኛው ጥግ ቀሚሷ በወተት እየራሰ ጥርሷን ነክሳ ታልባለች። በስምንተኛው ሌሊት ኪዳኑ ሁለት ጊዜ ብቻ ነቃ። ቀን ላይም እስኪበቃው እየጠባ ይጫወታል። ነገሩ መንገድ ይዞ ነበር።

ዓርብ ዕለት ገብረ ሊባኖስ አስጠራት። የነበረችው ሠራተኛ ድንገት ወደ ወልድያ ሄዳበታለች። «ሰኞ ማታ ካልጀመርሽልኝ ሌላ እፈልጋለሁ» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዳቦው ግን በየጠዋቱ መድረስ አለበት። አምሳለ እሺ ብላ ወጣች፤ መንገዱን ሁሉ ሦስት ሌሊት፣ ሦስት ሌሊት እያለች ቤቷ ደረሰች።

እሬትን ያገሩ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ጡት ላይ ተቀብቶ ልጅ የሚያስጥል መራራ ነው። እማ የሺመቤትም ልጆቻቸውን ሁሉ እንዲያ ነው ያስጣሉት። ነገር ግን እነሱ ሲቀቡት ጨርሰው ሊያስጥሉ ነው። አምሳለ ለሌሊቱ ብቻ ቀብታ፣ ሲነጋ ታጥባ ልታጠባ አሰበች።

«ሌሊት መራራ፣ ቀን ጣፋጭ መሆኑን ይለምደዋል» አለች።

«እንጃ ልጄ» አሉ አማቷ። «እንዲህ ያለውን እኔም አላየሁ።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የሷ ግን የሚለቀምም አልሆነ። የዚያን ሌሊት ኪዳኑ ነቅቶ ሲነጫነጭ እራሷ ተቀበለችውና እሬት የቀባችውን ጡቷን ሰጠችው። ጎረሰ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ ተፋው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። አላለቀሰም። እንደ ባዕድ ሴት አያት። እጁን ወደ አያቱ ዘረጋ።

ጠዋት በሞቀ ውሃና በሳሙና ደጋግማ ታጥባ ሰጠችው፤ ፊቱን አዞረ። ረፋዱ ላይ ሞከረች፣ ተፈራግጦ ከጭኗ ወረደ። ቀኑን ሙሉ ቀሚሷን ስትፈታ ባየ ቁጥር እማ የሺመቤት እግር ሥር ይወሸቃል። ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። እሷም በድንጋጤ ማለቡን ዘነጋችው። እሑድ ጡቷ ድንጋይ ሆነ፣ ቀላ፣ ትኩሳት አንቀጠቀጣት።

መስታወት ተጠርታ መጣች። ነገሩን ሁሉ ሰማች።

«አምሳለ፣ እሬት ሰዓት አያውቅም» አለች። «ልጁ የሚያውቀው ጡትሽ እንደመረረው ነው።» ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ሥራ ጀመረች። ጡቷን በሞቀ ጨርቅ አለዘበችላት፣ አብረው አለቡት፤ የታለበውንም ለኪዳኑ በኩባያ ሰጡት፣ ጠጣ። «በየሁለት ሦስት ሰዓቱ እለቢ። ነቅቶ ሳለ አታስገድጂው፣ ይብስበታል። ራቁቱን ደረትሽ ላይ አድርገሽ እቀፊው፤ እንቅልፍ ሲጥለው ሞክሪው። ትኩሳቱ እስከ ነገ ካልወረደ ጤና ጣቢያ ትመጫለሽ።»

የዚያን ሌሊት ስድስት ሰዓት ግድም ኪዳኑ እንደተኛ አፉ መፈለግ ጀመረ። ጡቷን አስጠጋችለት። ዓይኑን ሳይገልጥ ጎረሰና ጠባ። አምሳለ እንዳትንቀሳቀስበት ፈርታ እንባዋን እንኳ አልጠረገችም።

ሰኞ ትኩሳቱ ወረደላት። ልጁ ግን ሲነጋ እንደ ትናንቱ ሸሻት። ቀኑን ሙሉ አለበች፤ ጠዋት ኩባያውን አጋምሶ የነበረው ወተት ማታ ስኒ አልሞላም። ልጅ እንደሚጠባው እጅ አያልብም። ይህ ልጅ ደግሞ የሚጠባት ተኝቶ፣ ሌሊት ብቻ ነው። ልታስጥለው የደከመችባት ሌሊት ብቻ ቀረችላት።

ማታ አራት ሰዓት ላይ ሻሿን አስራ፣ ነጠላዋን ደርባ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ሂጂ» አሉ እማ የሺመቤት። «እኔ እይዘዋለሁ።»

«ልጁን ይይዙልኛል፤ ወተቱን ማን ይያዝልኝ?» አለቻቸው።

ቤቱ ውስጥ እህል እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የዳቦ ቤቱ ደመወዝ ገንፎ ነበር። አምሳለ በውስጧ ወተቱን ባንድ እጅ፣ ገንፎውን ባንድ እጅ ይዛ ቆየች። ደመወዙ የሚመጣው ወሩ ሲያልቅ ነው፣ ወተቱ ግን ዛሬ ሌሊት እየሸሸ ነው። ነጠላዋን አወለቀችና ከልጇ ጎን ተጋደመች። ማክሰኞ ሊጡን ሌላ ሴት አቦካችው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ወተቷ ተመልሷል፤ የክንዱ መለኪያም አረንጓዴው ጫፍ ላይ እንደምንም ቆሟል። ኪዳኑ ሌሊት ሌሊት፣ ተኝቶ፣ አራት ጊዜ ይጠባል። ቀን ሲሆን አያቱ ጀርባ ላይ ይውላል፤ እናቱ ስትቀርብ ፊቱን ይደብቃል። መስታወት ይመለሳል፣ ታገሺ ትላለች። አምሳለም ትታገሣለች። ሊነጋጋ ሲል ሽፋሽፍቱ መርገብገብ ሲጀምር፣ ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ጡቷን ቀስ ብላ ታወጣለች። ነቅቶ ማን ሲያጠባው እንዳደረ እንዳያይ ለአማቷ አቀብላው፣ ቀሚሷን ቆልፋ ወደ ደጅ ትወጣለች።