በዐሥር ደቂቃ ውስጥ የእናት ድርሻ

ሠርግ መቅረጽ እወዳለሁ፤ ቀረጻውን መቁረጡን ግን አልወደውም። ሲቀረጽ ሰው ሁሉ ይበላል፣ ይጨፍራል። ሲቆረጥ ከሁለት ካሜራ የወጣውን የስንት ሰዓት ቀረጻ ይዞ ብቻውን የሚፋጠጠው ባለስቱዲዮው ነው። ስሜ ካሰች ይባላል። ደብረ ታቦር መነኸሪያው አጠገብ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ፤ እንጀራዬም ከጅዳ ስመለስ ይዤው የመጣሁት ላፕቶፕ ነው።

ገሳይ ከተማ የሚያስተምረው መምህር አለምነው ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። በጥር ወር የወንድሙን ሠርግ የቀረጽኩት እኔ ነበርኩ። እናታቸው እማማ ፈንታነሽ ግን በዐቢይ ጾም ዐረፉ። ኩዌት ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ዘነበች ገና አልተረዳችም። እናትሽ ጣራ ገዳም ጠበል ገብተዋል ተብላለች።

«ከፋሲካ በኋላ ትመጣለች። መርዶውን ዘመድ ከቦ ደግፎ ይነግራታል» አለኝ። «አሁን ግን ሠርጉን ላኩልኝ ብላ አስጨንቃናለች። ሙሉው በስልክ አይሄድ፤ ዐሥር ደቂቃ የሚሆን አውጭልን።»

መደበቃቸውን ክፉ አላልኩም። የአባቴን ሞት የሰማሁት ጅዳ፣ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በስልክ ነው። እሪ ስል እመቤቲቱ መጥታ ሳህኑን ጨርሺ አለችኝ። ያንን ቀን ለጠላቴም አልመኝም።

አጠገቤ ተቀምጦ አብረን መረጥን። ሙሽሮቹ ላይ ስንደርስ «እለፊው፣ ይበቃል» ይላል። እናቱ ብቅ ሲሉ ደግሞ «ይህን እንዳትነኪ!» ይላል። ነጠላቸውን አገልድመው እስክስታ ሲወርዱ፣ ሙሽራዋን ሲመርቁ፣ የሙሽራዋን ላብ በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ፣ ድንኳኑ ጥግ ብቻቸውን ተቀምጠው ሲያርፉ፤ ሁሉንም ቪዲዮው ውስጥ አስቀረ። እኔም ሙያዬን ረስቼ የልቡን ሠራሁለት።

ያለቀውን ለማየት አባቱ ጋሽ ቢሆነኝ መጡ። በከዘራቸው ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዩ።

«ሙሽራዋ የታለች?» አሉ።

«አለች እኮ፣ አባባ። መጀመሪያው ላይ አላዩዋትም?» አለ አለምነው።

«ይህ ሠርግ አይደለም፣ ልጄ። ተዝካር ነው። እናቱ በሕይወት ያለችለት ሰው እንዲህ አድርጎ አያሳያትም። እህትህ ዘነቡ ይህን ያየች እንደሆን እዚያው፣ በሰው አገር፣ ብቻዋን ነው የምትረዳው።»

አፈርኩ። ይህን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሞቱን ማንም በቃል አልተናገረም፤ ምርጫችን ግን አፍ አውጥቶ ይናገር ነበር። ዘነበችን ለማዳን እማማ ፈንታነሽን በሕይወት ያለች እናት በልጇ ሠርግ ላይ የምታገኘውን ቦታ ያህል ብቻ ማሳየት አለብን። በሕይወት ያለች እናት ደግሞ በሠርግ ቀን ጓዳና ድንኳን ስትመላለስ ነው የምትውለው፤ ማን ዞር ብሎ ያያታል!

«እናትህ ዛሬ ቤት ውስጥ ቢኖሩ ከዚህ የቱን ቪዲዮው ውስጥ ታቆይ ነበር?» አልኩት።

አለምነው ወደ ላፕቶፑ ተጠጋ። ከኔ ጋር እየተያየ «ይህ ይውጣ፣ ይህም ይውጣ» ይል ጀመር፤ በየመሐሉ ዓይኑን በመዳፉ ይጠርጋል። እስክስታው ወጣ። ምርቃቱ ወጣ። የላቡ ጠረጋ ሲወጣ ጋሽ ቢሆነኝ ተነሥተው በረንዳ ላይ ቆሙ። በመጨረሻ አንዲት ቁራጭ ብቻ ቀረች፤ እማማ ፈንታነሽ ሰፌድ ይዘው ከሙሽሮቹ ጀርባ ሲያልፉ፣ ያውም ጀርባቸውን ሰጥተው። የወጡትን በሙሉ ለብቻ አስቀመጥኳቸው፤ ዘነበች ከተረዳች በኋላ የምትፈልጋቸው እነሱን ነው።

ሳልጠየቅ ያደረግሁት አንድ ነገር አለ። ሙሽራዋ ስትገባ ጥሩው ምስል የሁለተኛው ካሜራ ነበር፤ ድምፁ ግን በሞንታርቦው ጩኸት ተበላሽቷል። የአንደኛውን ካሜራ ድምፅ አምጥቼ ከሥሩ አነጠፍኩት። እማማ ፈንታነሽ የዚያ ካሜራ ማይክ አጠገብ ቆመው እልል ይሉ ነበር። በዚህ ዓይነት ፊታቸው ከቪዲዮው ወጥቶ ድምፃቸው ውስጡ ቀረ። ጋሽ ቢሆነኝ ሲሰሙት ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ እንጂ አውጭው አላሉኝም።

በኢሞ ላክንላት። በማግስቱ አለምነው ስልኩን ይዞ መጣና የድምፅ መልእክቷን ከፈተልኝ።

«አንተ፣ ይች ቪዲዮ ቀራጭ ምን ዓይነት ሰው ናት?» ትላለች ዘነበች። «ሙሽራዋን ብቻ፣ ሙሽራዋን ብቻ! እናቴን ትንሽ ብታሳየኝ ምን ነበረበት? ጀርባዋን ብቻ አየሁ። ግድ የለም፣ እኔው መጥቼ ጠግቤ አያታለሁ።»

ስድቧን ተቀበልኩ፤ ሥራው ሠርቶልናል ማለት ነው። ያበቃ መስሎኝ ስልኩን ልመልስለት ስል ድምፅዋ ቀጠለ።

«እልልታዋን ግን ለየሁት። ሙሽራዋ ስትገባ ከሰው ሁሉ በላይ የምትሰማዋ እሷ ናት አይደል? ደጋግሜ ሰማሁት። እንዲህ ያለ ድምፅ እያላት ጠበል ገባች ስትሉኝ በከንቱ ፈርቼ ነበር። ተመስገን፣ ደህና ናት።»